«አራት ፋክተር ወጣልኝ»፦ መለኪያ ስንሠራ ስንት ፋክተር እናስቀር?

«ጋሼ፣ አራት ፋክተር ወጣልኝ፤ አራተኛውን ምን ብዬ ልሰይመው?» የማስተርስ ተማሪዎች ላፕቶፓቸውን አቅፈው ሲመጡ ከሚጠይቁኝ ሁሉ የዚህን ያህል የሚደጋገም የለም። «ወጣልኝ» የምትለዋ ቃል ሁልጊዜ ታስቀኛለች፤ ሎተሪ ይመስል። ፋክተር ማለት ብዙ ጥያቄዎች የሚጋሩት፣ በቀጥታ የማይታይ ነገር ነው፤ እሱ በራሱ አይወጣም፤ እኛ ነን የምናወጣው። ስንት እንደሚወጣ የሚወስነውም ሶፍትዌሩ ሳይሆን መጠይቁን የጻፈው ሰው ነው። ሰውየው ዝም ካለ ሶፍትዌሩ በራሱ ልማድ ይወስንለታል፤ ልማዱ ደግሞ መጥፎ ነው።

ውሳኔውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። ጎንደር ተቀምጦ ስለ ውሃ ያላማረረ ሰው ስለማላውቅ ምሳሌውም ውሃ ይሁን፦ በፈረቃ የሚመጣ፣ በሮቶና በበርሜል የሚጠራቀም፣ ሲጠፋም በጀሪካን የሚቀዳ ውሃ። ከአንዲት ተማሪዬ ጋር 300 አባወራና እማወራ ጠይቀናል እንበል። ቁጥሮቹን ለማስተማሪያ ያዘጋጀኋቸው እኔው ነኝ፤ ስለ ከተማዋ ምንም አይመሰክሩም። የሚያሳዩት ጣጣ ግን በእውነተኛ ዳታ ላይ ደጋግሜ ያየሁት ነው።

## ጥያቄዎቹ

ልንለካ ያሰብነው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ስለ ውሃ ያለው ጭንቀት፣ ሁለተኛው ውሃ ማምጣት የሚያስከትለው ድካም። ለእያንዳንዳቸው 6 ጥያቄ ጻፍን፤ መልሱ ከ1 «በጣም አልስማማም» እስከ 5 «በጣም እስማማለሁ» ነው።

- ጭ1፦ ማታ ስተኛ «ነገ ውሃ ይመጣ ይሆን?» እያልኩ አስባለሁ።
- ጭ2፦ እንግዳ ሲመጣብኝ ውሃ እንዳያልቅ እፈራለሁ።
- ጭ3፦ ልጆቼ የሚጠጡት ውሃ ንጹሕ መሆኑ ያሳስበኛል።
- ጭ4፦ ፈረቃችን ሲያልፍ ልቤ ይጨነቃል።
- ጭ5፦ ውሃ ቢጠፋም አልጨነቅም።
- ጭ6፦ ስለ ውሃ ብዙም አላስብም።
- ድ1፦ ውሃ ለመቅዳት የምሄድበት መንገድ ያደክመኛል።
- ድ2፦ ጀሪካን በመሸከም ወገቤን ያመኛል።
- ድ3፦ ጀሪካን በመሸከም ጀርባዬን ያመኛል።
- ድ4፦ ወረፋ መጠበቅ ቀኔን ይበላዋል።
- ድ5፦ በውሃ ምክንያት ሌላ ሥራዬ ይስተጓጎላል።
- ድ6፦ ውሃ መቅዳት አይከብደኝም።

ጭ5፣ ጭ6 እና ድ6 የተገለበጡ ናቸው፤ ሌሎቹ ላይ ከፍ ያለ ቁጥር ችግር ሲያሳይ እነዚህ ላይ ግን ደህንነትን ያሳያል። ሰው ሳያነብ ሁሉንም «እስማማለሁ» እያለ እንዳያልፍ ተብሎ ነው የሚገቡት፤ የምርምር ዘዴ ትምህርት ላይ እንዲህ አድርጉ ተብለን ተምረናል። ወደ ኋላ እንመለስባቸዋለን፤ የዚህ ጽሑፍ ዋና ጣጣ ከነሱ ነው የሚመጣው።

በነገራችን ላይ፣ አዲስ መለኪያ ከመሥራታችሁ በፊት የተሠራ መኖሩን እዩ። የቤተሰብ የውሃ ዋስትና ማጣትን የሚለካና በብዙ አገሮች የተፈተሸ ባለ 12 ጥያቄ መለኪያ እ.ኤ.አ. በ2019 ታትሟል፤ ስሙ HWISE ይባላል። አዲስ መሥራት የሚያስፈልገው ያለው መለኪያ የእናንተን ጉዳይ ሳይነካ ሲቀር ነው።

## ፋክተር ከማውጣታችን በፊት

መጀመሪያ የእያንዳንዱን ጥያቄ መልስ ቁጠሩ። ከአሥር ሰው ዘጠኙ «በጣም እስማማለሁ» ያለበት ጥያቄ ሰውን ከሰው አይለይም፤ ስለዚህ ከሌሎቹ ጋር ብዙ ሊዛመድ አይችልም። ውሃ በሁለት ሳምንት አንዴ የሚደርስበት ሰፈር ብቻ ከጠየቃችሁ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ይበዛባችኋል፤ ስለዚህ ከአዘዞም፣ ከማራኪም፣ ከአራዳም ውሃ ደህና የሚያገኙትንም የማያገኙትንም ማካተት ያስፈልጋል። መልሶቹ በአምስቱም አማራጮች ላይ ከተበተኑ ተራው ኮሪሌሽን ይበቃል። ወደ አንድ ጫፍ ካዘነበሉ ግን ፖሊኮሪክ የሚባለውን ኮሪሌሽን ተጠቀሙ።

ቀጥሎ የተገለበጡትን እንመልሳለን። በአምስት ነጥብ መለኪያ ከ6 ላይ መልሱን መቀነስ ነው፤ 5 የነበረው 1፣ 2 የነበረው 4 ይሆናል። እኔ የምሠራው በ R ነው። ዳታው ላይ ጭ1ን `j1`፣ ድ1ን `d1` እያልኩ ሰይሜዋለሁ፤ `psych` እና `GPArotation` የሚባሉት ፓኬጆችም አስቀድመው መጫን አለባቸው።

```r
library(psych)
d <- read.csv("wuha.csv")
neg <- c("j5", "j6", "d6")
d[neg] <- 6 - d[neg]
KMO(d)
```

ኬኤምኦ ጥያቄዎቹ እርስ በርስ የሚጋሩት ነገር በቂ መሆኑን ይነግረናል። የእኛ 0.81 ነው፤ ጥሩ ነው። ከ0.50 በታች ከሆነ ፋክተር ፍለጋውን ተዉት፤ ወደ ጥያቄዎቹ ተመለሱ። ጥያቄዎቹ ጨርሶ የማይዛመዱ መሆን አለመሆናቸውን የሚያየውን ባርትሌት የሚባለውን ፈተና ሁሉም ሰው ይጽፈዋል፤ 300 ሰው ካለ ግን ደካማውን ዳታም ስለሚያሳልፍ ብዙ አልደገፍበትም።

የናሙናው ብዛትስ? «ለአንድ ጥያቄ 10 ሰው» የሚባለው ደንብ ጠንካራ መሠረት የለውም። ወሳኙ ጥያቄዎቹ ከፋክተሮቻቸው ጋር ያላቸው ዝምድና ጥንካሬና ለአንድ ፋክተር ስንት ጥያቄ እንዳለ ነው። ዝምድናው ጠንካራ ከሆነ 150 ሰው ሊበቃ ይችላል፤ ደካማ ከሆነ 300ም ያንሳል።

## ስንት ፋክተር?

አይገንቫልዩ ማለት አንድ ፋክተር ከጠቅላላው ልዩነት ውስጥ የስንት ጥያቄን ያህል ድርሻ እንደሚይዝ የሚነግር ቁጥር ነው። ጥያቄዎቹ 12 ስለሆኑ አይገንቫልዩዎቹ ቢደመሩ 12 ይመጣሉ። የእኛዎቹ በቅደም ተከተል እነዚህ ናቸው፦ 3.90፣ 2.00፣ 1.42፣ 1.06፣ 0.74፣ 0.62፤ ከዚያ እያነሱ ይሄዳሉ።

በSPSS ሌላ ነገር ሳትነኩ OK ብትሉ ከ1 በላይ የሆነውን ሁሉ ያስቀርላችኋል። ተማሪዬ «አራት ወጣልኝ» ያለችው በዚህ መንገድ ነው። ደንቡ እ.ኤ.አ. ከ1960 ጀምሮ በካይዘር ስም ይጠራል፤ ሐሳቡም ቀላል ነው፦ የአንድ ጥያቄን ያህል እንኳ ድርሻ የሌለው ፋክተር ምን ይረባል? ችግሩ ይህ የሚሠራው የሕዝቡን ሁሉ መልስ ብናውቅ ነበር። ከናሙና ላይ ግን ምንም ዝምድና በሌላቸው ጥያቄዎች ውስጥ እንኳ በዕድል ብቻ ከ1 የሚበልጡ አይገንቫልዩዎች ይገኛሉ። ይህን ለማየት የ300ውን ሰው መልስ አምድ በአምድ በጥብጡት፦ የአንዱ ሰው ጭ1 ከሌላው ድ4 ጋር ይግጠም። ዝምድናው ሁሉ ይጠፋል፤ ትልቁ አይገንቫልዩ ግን 1.3 አካባቢ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ሁለተኛው መንገድ ካተል እ.ኤ.አ. በ1966 ያቀረበው ስክሪ ፕሎት ነው። ስክሪ ማለት ገደል ሥር የሚከማች የድንጋይ ናዳ ነው፤ ሊማሊሞን በመኪና የወረደ ሰው ምስሉ ወዲያው ይገባዋል። ገደሉ ቀጥ ብሎ ይወርድና ታች ሲደርስ ናዳው እየተንሸራተተ ይዘረጋል። ፋክተር የሚባለው ገደሉ ነው፤ ናዳው አይቆጠርም። ግን ገደሉ የት እንደሚያልቅ ሁለት ሰው አይስማማም። በእኛ ቁጥሮች አንዱ ከ2.00 በኋላ ሌላው ከ1.42 በኋላ ሊያቆም ይችላል።

ስለዚህ እኔ የምጀምረው በፓራለል አናሊሲስ ነው። ሆርን እ.ኤ.አ. በ1965 ያቀረበው ይህ ዘዴ ቅድም በእጃችን የበጠበጥነውን ብዙ ጊዜ ይደጋግመዋል፦ የእኛን ያህል ሰውና የእኛን ያህል ጥያቄ ያለው፣ ዝምድና የሌለበት ዳታ እየፈጠረ አይገንቫልዩውን ይመዘግባል። ከዚያ የእኛን ከዕድል ጋር ጎን ለጎን ያስቀምጣል።

```r
fa.parallel(d, fa = "pc", n.iter = 500, quant = .95)
```

ዕድል ብቻውን የሚያመጣው ቁጥር (ከመቶ ዘጠና አምስቱ የማይበልጡት ወሰን) ለመጀመሪያው 1.42፣ ለሁለተኛው 1.31፣ ለሦስተኛው 1.23፣ ለአራተኛው 1.17 ገደማ ነው። የእኛ 3.90 ከ1.42፣ 2.00 ከ1.31፣ 1.42 ከ1.23 ይበልጣል። አራተኛው ላይ 1.06 ከ1.17 ያንሳል፤ እዚያ ቆምን። ማወዳደሪያው ተራ በተራ ነው፤ የእኛን ሦስተኛ ከዕድል ሦስተኛ ጋር እንጂ ከዕድል አንደኛ ጋር አታወዳድሩ።

እንግዲህ አራት የነበረው ሦስት ሆነ። እኛ ግን የጻፍነው ለሁለት ነበር። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል፤ «ፓራለል አናሊሲስ ሦስት ብሏል» ብሎ ለሦስተኛው ስም ፍለጋ ይገባል። ፓራለል አናሊሲስ የሚነግረን ሦስተኛው በዕድል የመጣ እንዳልሆነ ብቻ ነው። በምን እንደመጣ አይነግረንም። ለዚያ ሎዲንጎቹን፣ ማለትም እያንዳንዱን ጥያቄ ከየፋክተሩ ጋር የሚያያይዙትን ቁጥሮች፣ ማንበብ አለብን።

## ማውጣትና ማዞር

ሁለት ምርጫዎች አሉ፤ ሁለቱም ላይ የሶፍትዌሩን ልማድ አልከተልም። SPSS በራሱ የሚመርጠው Principal components ፋክተር አናሊሲስ አይደለም። ጥያቄዎቹ የሚጋሩትን ብቻ ሳይሆን የእያንዳንዱን ጥያቄ የግል ልዩነትና ስህተት ጭምር ስለሚያጠቃልል ሎዲንጎቹን ያሳብጣቸዋል። እዚያው ዝርዝር ውስጥ Principal axis factoring አለ፤ እሱን ምረጡ። በ R `minres` የሚባለው ከሱ ጋር ተቀራራቢ ውጤት ይሰጣል።

ሁለተኛው ሮቴሽን ነው። ፋክተሮቹ መጀመሪያ ሲወጡ ለመነበብ አይመቹም፤ እያንዳንዱ ጥያቄ በአንዱ ላይ ብቻ ጎልቶ እንዲታይ እናዞራቸዋለን። ቫሪማክስን ሰው ሁሉ ይወደዋል። ቫሪማክስ ግን «ፋክተሮቹ ምንም አይዛመዱም» ብሎ ነው የሚነሳው። ውሃ ሲሸከም የሚውል ሰው ስለ ውሃ ማሰቡም እንደማይቀር ስለምናውቅ ይህ ለእኛ ውሸት ነው። ኦብሊሚን እንዲዛመዱ ይፈቅዳል፤ ዝምድና ከሌለም ዜሮ አጠገብ ያለ ቁጥር ይሰጠናል፤ የምናጣው ነገር የለም።

```r
f3 <- fa(d, nfactors = 3, fm = "minres", rotate = "oblimin")
print(f3$loadings, cutoff = 0)
f3$Phi
f3$communality
```

`cutoff = 0` ያልኩት ትንንሾቹም እንዲታዩ ነው። ትንንሹን ደብቆ የሚያሳይ ሠንጠረዥ ያማረ ይመስላል፤ ግን ጣጣው የሚደበቀው እዚያ ውስጥ ነው። SPSS ላይ ሁለት ሠንጠረዥ ይመጣላችኋል፤ የምታነቡት Pattern Matrix የሚለውን ነው።

| ጥያቄ | ፋክተር 1 | ፋክተር 2 | ፋክተር 3 |
|---|---|---|---|
| ጭ1 | 0.74 | 0.02 | 0.04 |
| ጭ2 | 0.68 | −0.03 | 0.01 |
| ጭ3 | 0.31 | 0.08 | 0.05 |
| ጭ4 | 0.71 | 0.06 | −0.05 |
| ጭ5 | 0.21 | −0.04 | 0.66 |
| ጭ6 | 0.18 | −0.02 | 0.61 |
| ድ1 | 0.05 | 0.66 | 0.03 |
| ድ2 | −0.04 | 0.83 | −0.02 |
| ድ3 | −0.02 | 0.80 | 0.01 |
| ድ4 | 0.10 | 0.58 | 0.02 |
| ድ5 | 0.39 | 0.42 | 0.00 |
| ድ6 | −0.06 | 0.24 | 0.58 |

ሎዲንግ ማለት ፋክተሩ በአንድ ደረጃ ከፍ ሲል የጥያቄው መልስ ምን ያህል አብሮት እንደሚነሳ፣ ሌሎቹ ፋክተሮች ባሉበት ቆመው፣ የሚያሳይ ቁጥር ነው። ጭ1 ላይ 0.74 ሲሆን፣ የሚጨነቅ ሰው ማታ ስለ ነገ ውሃ እንደሚያስብ ይነግረናል፤ ድካሙ ግን (0.02) በቀጥታ አይነካውም። እኔ ከ0.40 በላይ ሲሆን ጥያቄው የዚያ ፋክተር ነው እላለሁ። 0.40 ከሰማይ የወረደ ቁጥር አይደለም፤ 0.38 አይታችሁ ጥሩ ጥያቄ እንዳትጥሉበት። በፋክተር 1 እና 2 መካከል ያለው ዝምድና 0.38 ነው፤ ኦብሊሚን መምረጣችን ትክክል ነበር።

## ሦስተኛው ፋክተር ምንድን ነው?

በሦስተኛው አምድ 0.40 ያለፉት ጭ5፣ ጭ6 እና ድ6 ናቸው። ሁለቱ ስለ ጭንቀት፣ አንዱ ስለ ድካም። ተማሪዬ «የመቋቋም አቅም» ብላ ልትሰይመው ተዘጋጅታ ነበር። ያምራል። እኔ ግን ሦስቱን ጥያቄዎች ጮክ ብላ እንድታነባቸው ጠየቅኋት። «አልጨነቅም»፣ «አላስብም»፣ «አይከብደኝም»። ሦስቱም «አ…ም» ናቸው። የሚጋሩት ሐሳብ ሳይሆን ሰዋስው ነው።

እዚህ ላይ ሁሉም ሰው የሚለኝ «ገልብጫቸው የለ እንዴ?» ነው። ከ6 መቀነስ የሚያስተካክለው የምልክቱን አቅጣጫ ብቻ ነው። ባትገለብጧቸው ሎዲንጋቸው ምልክቱን ይቀይር ነበር እንጂ አይገንቫልዩዎቹ ንቅንቅ አይሉም፤ የፋክተሮቹም ቁጥር ያው ነው። ሞክሩት።

በአማርኛ ነገሩ ለምን እንደሚብስ አንድ ቀን ሙከራ ላይ አዘዞ በዓይኔ አይቻለሁ። ጠያቂው ወጣት ለአንዲት አሮጊት ያነብላቸዋል፦ «ውሃ ቢጠፋም አልጨነቅም።»

«ኧረ እንዴት አልጨነቅም ልጄ!»

«እና ይስማማሉ፣ አይስማሙም እማማ?»

«እስማማለሁ እንጂ! እጨነቃለሁ!»

ልጁ «እስማማለሁ» የሚለውን ከበበ። እናትየው የተናገሩት ግልጽ ነው፤ ወረቀቱ ላይ የሰፈረው ግን ተቃራኒው ነው። በትክክል እንዲመልሱ «‹አልጨነቅም› በሚለው አልስማማም» ማለት ነበረባቸው፤ አሉታን በአሉታ ማፍረስ። በጽሑፍ የለመድነው እኛም እንኳ ቆም ብለን ነው የምናስበው። በቃል ለሚጠየቅ ሰው፣ በተለይ ሥራ ጥሎ በሩ ላይ ለቆመ ሰው፣ ከባድ ነው። አንዱን የተሳሳተ ሰው ሌሎቹንም እዚያው ቦታ ላይ ይሳሳታቸዋል፤ ስለዚህ ሦስቱ ጥያቄዎች ከገዛ ወገኖቻቸው ይልቅ እርስ በርሳቸው ይቀራረባሉ። በእኛ ዳታ ጭ5 ከጭ1 ጋር ያለው ኮሪሌሽን 0.30 ነው፤ ሁለቱም ስለ ጭንቀት ሆነው ሳለ። ስለ ድካም ከሚጠይቀው ድ6 ጋር ግን 0.43 ነው።

ጥርጣሬውን ለማረጋገጥ ሦስት ነገር አደርጋለሁ። አንደኛ፣ ወደ ጥሬው ዳታ ሄጄ ለጭ4ም ለጭ5ም 4 ወይም 5 የመለሱ ሰዎችን እቆጥራለሁ። «ልቤ ይጨነቃል» እና «አልጨነቅም» ላይ አብሮ መስማማት አይቻልም፤ እነዚህ ሰዎች ጥቂት ካልሆኑ ነገሩ ከጥያቄው አጻጻፍ ነው። ሁለተኛ፣ እነዚያኑ ሰዎች በጠያቂ ለይቼ እቆጥራለሁ። አብዛኞቹ ከአንድ ወይም ከሁለት ጠያቂ ወረቀት ከመጡ ችግሩ አነባበብ ላይ ነው ማለት ነው። ሦስተኛ፣ ሦስቱን አውጥቼ እንደገና አስኬደዋለሁ፤ ሁለቱ ቀሪ ፋክተሮች እንዳሉ ከቆዩ ሦስተኛው ለብቻው የቆመ እንጂ ከነሱ የተገነጠለ አይደለም።

ተማሪዬ ግን አንድ ጥሩ ክርክር አነሳች፦ ግቢያቸው ሮቶ ያላቸው ሰዎች በእውነት አይጨነቁም፣ መቅዳትም አይከብዳቸውም፤ ታዲያ ሦስተኛው ፋክተር እነሱን አሳይቶ ቢሆንስ? ይሆናል። ይህን ግን በዚህ ዳታ መለየት አይቻልም፤ ምክንያቱም መቋቋምን የሚጠይቁት ጥያቄዎች ሁሉ አሉታዊ ናቸው። መለየት የምትፈልግ ከሆነ «ውሃ ቢጠፋም እስኪመጣ የሚያቆየኝ ውሃ ቤቴ አለ» የሚል በአዎንታ የተጻፈ ጥያቄ ጨምራ እንደገና መጠየቅ አለባት። ይህ ጥያቄ ከነ ጭ5 ጋር ከገባ ክርክሯ ልክ ነው፤ ካልገባ «መቋቋም» የተባለው «አ…ም» ነበር።

## የጠፋው አራተኛና ሌሎቹ እንከኖች

ፓራለል አናሊሲስ አራተኛውን ጥሎታል፤ ግን 1.06 ከየት መጣ? ለማወቅ `nfactors = 4` ብዬ አስኬድኩት፤ እንዲህ ያለውን ሁልጊዜም ማየት ጥሩ ነው፣ አንድ የበለጠና አንድ ያነሰ። አራተኛው ላይ ጎልተው የወጡት ድ2 እና ድ3 ብቻ ናቸው፤ «ወገቤን ያመኛል» እና «ጀርባዬን ያመኛል»። ጀሪካን ለሚሸከም ሰው ወገብና ጀርባ ምን ልዩነት አላቸው? አንድን ጥያቄ ሁለት ጊዜ ጠይቀናል። በሦስቱ ፋክተሮች መሠረት የሁለቱ ኮሪሌሽን 0.65 አካባቢ መሆን ነበረበት፤ ዳታው ላይ ግን 0.78 ነው። ያ 0.13 ትርፍ ድካም አይደለም፤ የቃላት መመሳሰል ነው።

```r
f3$residual["d2", "d3"]
```

ይህ ትርፍ ከ0.10 በላይ ሲሆን ሁለቱን ጥያቄዎች ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ አንብቡ። ድ2 እና ድ3 ላይ የታየው ትልቅ ሎዲንግ (0.83 እና 0.80) ምርጦቹ ጥያቄዎች እንዲመስሉ አድርጓቸው ነበር፤ ከፊሉ ግን እርስ በርስ መደጋገፍ ነው። ከፍተኛ ሎዲንግ ያለውን እየመረጡ ማስቀረት የሚያታልለው እንዲህ ሲሆን ነው። አንዱን አውጡ፤ እኔ «ወገቤን» አስቀርቻለሁ፣ ሰው በአፉ የሚለው እሱን ስለሆነ።

ድ5 «ሌላ ሥራዬ ይስተጓጎላል» ሁለቱም ጋ ገብቷል፣ 0.39 እና 0.42። ሥራ የሚስተጓጎለው በመሸከምም ነው፣ ውሃ ትመጣለች እያሉ ቤት ቁጭ ብሎ በመጠበቅም ነው። ጥያቄው መጥፎ አይደለም፤ ግን የሁለቱን ውጤት ለየብቻ ደምረን ስናወዳድር የሁለቱንም ድንበር ያደበዝዛል። ይውጣ።

ጭ3 የተለየ ነው። ሎዲንጉ 0.31፣ ኮሚውናሊቲው 0.13 ነው፤ ከመልሱ ልዩነት 13 በመቶ ብቻ ነው ከሌሎቹ ጋር የሚጋራው። ምክንያቱ ጥያቄውን ስናነብ ይታያል፤ ሌሎቹ የሚጠይቁት ውሃ መጥፋቱን ነው፣ ጭ3 ግን ንጽሕናውን። ውሃ ሁልጊዜ የሚመጣለት ሰውም ቧንቧው ሲደፈርስ ያሳስበዋል። ንጽሕና ራሱን የቻለ ሦስተኛ ፋክተር ሊሆን ይችል ነበር፤ ነገር ግን አንድ ጥያቄ ብቻውን ፋክተር ሊሆን አይችልም። ቢያንስ ሦስት፣ ቢቻል አራትና አምስት ያስፈልገዋል። ስለዚህ ወይ ስለ ንጽሕና አራት ጥያቄ መጻፍ ነው፣ ወይ ይህን መተው።

ይህን ሁሉ ሳናይ የ12ቱን አልፋ፣ ማለትም የመለኪያ አስተማማኝነት ማሳያ የሚባለውን ቁጥር፣ ብናሰላ 0.78 ይመጣል፤ «መለኪያው አስተማማኝ ነው» ብለን እንጽፍ ነበር። አልፋ ሁለት የተለያየ ነገር፣ አንድ የተደገመ ጥያቄና ሦስት የተምታቱ ጥያቄዎች ውስጡ እንዳሉ አይነግረንም።

## እንደገና

ጥያቄ ሲወጣ የሌሎቹ ሎዲንግ ስለሚቀየር አንድ በአንድ እያወጣችሁ በየጊዜው አስኪዱት፤ ስድስቱን ባንዴ አትጣሉ። ሲያልቅ የቀሩት ጭ1፣ ጭ2፣ ጭ4፣ ድ1፣ ድ2 እና ድ4 ናቸው። አይገንቫልዩዎቹ 2.50፣ 1.42፣ 0.63 ሆነው ቀጠሉ። ለ6 ጥያቄና ለ300 ሰው ዕድል የሚያመጣው ወሰን ለሁለተኛው 1.17፣ ለሦስተኛው 1.08 ገደማ ስለሆነ አሁን ፓራለል አናሊሲሱም፣ ገደሉና ናዳውም፣ ካይዘርም ሳይቀር ሁለት ላይ ተስማሙ።

ተማሪዬ ደስ አላት። እኔ ግን ለአንድ ፋክተር ሦስት ጥያቄ መቅረቱ አልተመቸኝም፤ አንዱ በሚቀጥለው ዳታ ቢደክም ፋክተሩ ይፈርሳል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሁለት ሁለት አዲስ ጥያቄ ጻፍን። የተገለበጡትን ወደ አዎንታ መለስናቸው፤ «አይከብደኝም» የነበረው «ውሃ መቅዳት ይከብደኛል» ሆነ፣ «አላስብም» ደግሞ «በቀን ውስጥ ብዙ ጊዜ ስለ ውሃ አስባለሁ»። ሰው ሳያዳምጥ «እስማማለሁ» ይላል የሚለው ስጋት በዚህ አይጠፋም፤ እሱን ለመቀነስ «እስማማለሁ/አልስማማም» የሚለውን ራሱን ትተን «ባለፉት 4 ሳምንታት ስንት ጊዜ?» ወደሚል መልስ ለወጥነው፦ ምንም፣ አልፎ አልፎ፣ አንዳንዴ፣ ብዙ ጊዜ፣ ሁልጊዜ።

ይህ ማለት ግን ያለን ዳታ ለአዲሱ መጠይቅ አይሠራም ማለት ነው። 300 አዲስ ሰው ጠይቀን ከፓራለል አናሊሲሱ እንጀምራለን፤ ሁለቱ ፋክተሮች እንደገና ከመጡ በሌላ ሦስተኛ ናሙና፣ አስቀድመን የወሰንነው የፋክተር አደረጃጀት ከዳታው ጋር መግጠሙን በሚያየው በኮንፈርማቶሪ ፋክተር አናሊሲስ እንፈትሻቸዋለን። ባንድ ዳታ ፋክተሩን አግኝቶ በዚያው ዳታ «አረጋገጥኩት» የሚል ቴሲስ ሲመጣብኝ እመልሰዋለሁ፤ ጥያቄ የመረጥነው ያ ዳታ እንዲስማማን አድርገን ስለሆነ መስማማቱ ምንም አዲስ ነገር አይነግረንም። ለሦስት ዙር ገንዘቡም ጊዜውም ከሌለ መጀመሪያ 600 ሰው ጠይቁና ገና ሳታዩት በዕጣ ለሁለት ክፈሉት። አንዱ ግማሽ ላይ ከላይ ያየነውን ሁሉ ሥሩ፤ ሌላው ግማሽ እስከ ፍተሻው ቀን ሳይከፈት ይቆይ።